ስልኩ የጻፈው ስንብት

ጋሽ ሬዲዮን ወላጆቹ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው ካለቀ ቆይቷል። ሬዲዮ የሚለውን ስም ያወጣለት ሥራው ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ አጎቱ ዘንድ ሬዲዮ ሊጠግን ገባ፤ የሬዲዮ ዘመን ሲያልፍ ወደ ቴሌቪዥን ዞረ፤ ቴሌቪዥኑም ቀጥኖ ቀጥኖ ከመጠገን መጣል የሚቀል ሲሆን ወደ ስልክ ወረደ። አሁን ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ከተደረደሩት አሥራ አንድ የስልክ ጥገና ሱቆች ጥግ ላይ ያለችው የእሱ ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው አንድ እግሩን ውጭ ትቶ ነው የሚገባው።

ድካሙ የአንድ ቀን ድካም አይደለም። ሬዲዮ በሚጠግንበት ጊዜ ብሎን በጣት ይያዝ ነበር፤ ዛሬ ካስነጠሰ ሁለቱ ይጠፉበታል። እሱ ባረጀ ቁጥር ዕቃው እያነሰ መሄዱን እንደ ንቀት ነው የሚቆጥረው። አንገቱ ወደ ግራ ሲዞር ይንቋቋል፣ ወደ ቀኝ ጨርሶ አይዞርም። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ "ቀና በል እንጂ፣ ምን ጠፋህ?" ትለዋለች፤ እሱም "ብሎን" ይላታል። ይህን ቀልድ ሃያ ዓመት ተለዋውጠውታል፤ አሁን ሁለቱም አይስቁም፣ ግን አይተዉትም።

አጎቱ ሞያውን ሲያስተምረው አንድ ሕግ ነበረው፤ "የነካኸውን ፈርምበት" ይለው ነበር። የሬዲዮ ክዳን ከመገጠሙ በፊት ውስጡ በእርሳስ ቀኑ ይጻፋል፣ የተቀየረው ዕቃ ይጻፋል፣ ከዚያ የጠጋኙ ምልክት። ባለቤቱ አያየውም። የሚያየው ቀጥሎ የሚከፍተው ጠጋኝ ብቻ ነው፤ "እሱ ነው ሊያፍርብህም ሊያከብርህም የሚችለው" ይል ነበር አጎቱ። የጋሽ ሬዲዮ ምልክት አንዲት አራት ማዕዘን ሳጥንና ከላይዋ የቆመች አንቴና ናት። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የነካው ነገር ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያቺ ሳጥን አለች። በዚህም የተነሳ በረድፉ ውስጥ ስሙ ከሌሎቹ ከፍ ይላል። መሥሪያ ቤቶች ስለተበላሸ ስልክ ወረቀት ሲጠይቁ "የጋሽ ሬዲዮን አምጣ" ይላሉ፤ ያቺው ሳጥን የተቀረጸችበትን ማህተሙን ያምኑታል።

ሴትዮዋ የመጣችው አንድ ቀን ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው፤ ደመና ነበር፣ ሙቀቱም የሚያፍን። አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ነበር የመጣችው፤ ሰማያዊ ሽርጥ፣ የጎማ ነጠላ ጫማ፣ ውሃ ውስጥ ከመዋል ብዛት የተሸበሸቡ ጣቶች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ቶሎ አነሳች፤ ይነክሰኛል ያለች ትመስል ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ስልክ ከሥራ አባረረኝ" አለች።

ጋሽ ሬዲዮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ቁጭ በይ እህቴ። ስልክ ማባረር ከጀመረ እኔ ነበርኩ መጀመሪያ የምባረረው።"

አልሳቀችም፤ ቁጭ ብላ ነገሩን አወራችለት። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትናንት ጠዋት ስልኳን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ የሠራተኞቹን ግሩፕ ከፍታ የፈረቃ ዝርዝር ስታይ፣ "እሺ" ብላ ልትመልስ ኪቦርዱን እንዳወጣች ተጠራች። ስልኩን እንዳለ መደርደሪያው ላይ ትታ አንድ አልጋ የያዙ አዛውንት ስታጥብ ቆየች። ስትመለስ ግሩፑ ውስጥ በእሷ ስም መልእክት ተልኳል። ለሠላሳ አራት ሰው። ኃላፊዋም ሥሩ መልሳለች፦ "ተቀብያለሁ። ንብረት አስረክቢ።"

መልእክቱን አሳየችው፦ "ደክሞኛል ደክሞኛል አልችልም ነገ አልመጣም ሌላ ሰው ፈልጉ እሺ እሺ እሺ እሺ"።

"እኔ አልጻፍኩም ብዬ ኃላፊዋ ፊት ማልኩ። ስልኩን እዚያው አሳየኋት፤ እሱ እንደ በግ ዝም አለ። 'ስልክ ፊደል ለቃቅሞ አረፍተ ነገር ይሠራል ወይ? ደሞ እሺ እሺ እያልሽ ልታሾፊብኝ?' አለችኝ። ዛሬም ገብቼ እየሠራሁ ለመንኳት። በመጨረሻ 'ጋሽ ሬዲዮ ወረቀት ይጻፍልሽ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ይዘሽው ነይ፣ ካልሆነ በቦታሽ ሌላ ሰው ነገ ይገባል' አለችኝ። ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ደሞዝ የሚያገባ እኔ ብቻ ነኝ።"

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር።

ጋሽ ሬዲዮ ስልኩን ገለበጠው፣ ዳሰሰው፣ ለባለሙያ የተደበቀውን ማዘዣ ከፍቶ ስክሪኑ የሚሰማውን እያንዳንዱን ንክኪ በነጭ ነጥብ እንዲያሳይ አደረገው። ምንም ነጥብ የለም። "በምን ቻርጀር ነበር?" ሲላት ከሽርጧ ኪስ አንድ ቀላል ነጭ ቻርጀር አወጣች። ሰካው። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች፤ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር፤ ስክሪኑን አግድም አቋርጠው፣ አንድ ጣት በሚያህል መስመር ላይ ብቻ፣ ማንም ሳይነካቸው ይዘሉ ጀመር። ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

"አትፍሪ፣ ሰይጣን አይደለም" አላት። "ስክሪኑ ጣትሽን የሚያውቀው በመግፋትሽ አይደለም፤ ሰውነትሽ በሚያመጣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ርካሽ ቻርጀር የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ንጹህ አይደለም፣ ይረብሻል። ረብሻው ስክሪኑ ውስጥ ሲገባ ስክሪኑ ጣት መጣ ይላል። እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ልብስ መቀየሪያችሁ ከመታጠቢያው ጎን ነው አይደል? ስክሪኑም የተነካ እየመሰለው አይጠፋም፤ ለዚህ ነው ስትመለሺ በርቶ ያገኘሽው።"

"እሺ ይንካ። ቃሉንስ ከየት አመጣው?"

"መስመሩ የት እንደወደቀ እይ። ኪቦርዱ ከላዩ ሦስት ቃል ያቀርብልሻል፣ አይደለም? መስመሩ እዚያ ላይ ነው። የላይኛው ጠርዙ ደግሞ መላኪያው ቀስት ላይ ይደርሳል። ፊደል አልለቀመም፤ የተዘጋጀ ቃል ነው የነካው። አንዱን ሲነካ ኪቦርዱ ቀጥሎ የምትጽፊውን ይገምታል፣ የሚገምተውም ከዚህ በፊት ከጻፍሽው ነው። ቃል ሲያልቅበት አንዱን እየደጋገመ ይዞራል፤ እሺ እሺ ያለው ለዚያ ነው።"

ሴትዮዋ ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ። ማታ ማታ ለእህቷ የምትጽፈው "ደክሞኛል" ነው። ወንድሞቿ እናታቸውን በእረፍት ቀኗም አንቺ ጠብቂ ሲሏት የምትመልሰው "ሌላ ሰው ፈልጉ" ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሷ ብቅል አፏ ሳይገባ ስልኳ አወጣባት።

"ሁሉም ስልክ እንደዚያ ነው" አላት፣ ማፈሯን አይቶ። "የኔንም እይው።" የራሱን ስልክ አውጥቶ ባዶ ገጽ ከፈተና የመሃሉን ቃል በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ተጫነው። ስልኩ ጻፈ፦ "ኦሪጅናል ነው አታስብ ኦሪጅናል ነው አታስቢ ነገ ይደርሳል ኦሪጅናል ነው"።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ጋሽ ሬዲዮ ግን ስልኩን ቶሎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ የሴትዮዋን ስልክ አሞቀ፣ የኋላ ሽፋኑን በቀጭን ላስቲክ ምላጭ ዙሪያውን ፈልፍሎ አነሳው። ሽፋኑን ሲገለብጠው ውስጡ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየ። ቀን፤ ከአራት ወር በፊት። "ስክሪን"። አንዲት ሳጥን፣ ከላይዋ አንቴና።

"ይሄን ስክሪን የት ነው ያስቀየርሽው?" አላት ቀና ሳይል።

"እኔ አላስቀየርኩም። የታላቅ ወንድሜ ስልክ ነበር፤ አዲስ ሲገዛ ለኔ ሰጠኝ። እሱም አሁን ሩቅ አገር ነው፣ የት እንዳሠራው አልጠየቅኩትም።"

ጋሽ ሬዲዮ ያን ቀን አስታወሰ፤ ሰውየውን አይደለም፣ ስክሪኑን። ከአከፋፋዩ የመጣው ሳጥን ላይ "ኦሪጅናል" የሚል ተለጥፎበታል፤ ዕቃውን ሲያነሳው ግን ቀለለው፣ ከስልኩ የሚያገናኘው ሪባን ሽቦ ሳሳ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ሆነበት። ኮፒ መሆኑን ጣቱ ነግሮታል። መመለስ ነበረበት፤ መመለስ ማለት ደግሞ ሁለት አውቶቡስ፣ ሰልፍ፣ ከአከፋፋዩ ጋር ንትርክ ማለት ነው። ደክሞት ነበር። ገጠመው። ሰውየው "ኦሪጅናል ነው?" ብሎ በመልእክት ሲጠይቀው "ኦሪጅናል ነው አታስብ" ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ እንደመለሰ ስልኩ ቅድም አስታውሶታል።

በደንብ የተሸፈነ ስክሪን ቢሆን ኖሮ የቻርጀሩን ረብሻ ይቋቋመው ነበር። ይህን ከጋሽ ሬዲዮ ሌላ እዚያ ሱቅ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ምልክቱንም ያየ የለም።

ወረቀቱን አውጥቶ ጻፈ፦ "ስልኩ ላይ በተደረገው ፍተሻ ስክሪኑ ያለ ሰው እጅ በራሱ የሚነካ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ምክንያቱ ጥራት የሌለው ቻርጀር ነው።" ማህተሙን መታ። ውሸት አይደለም አለ በሆዱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ደግሞም ሽፋኑን በሙጫ አላሸገውም፤ በጎማ ብቻ አሰረው። ለምን እንዳላሸገው ያን ጊዜ ቢጠይቁት "ሙጫው እስኪደርቅ ሰዓት ይሄዳል" ይል ነበር።

"እኔም አብሬሽ ልምጣ" አላት። "ወረቀት አይናገርም፤ ለኃላፊዋ በዓይኗ ላሳያት።"

የኃላፊዋ ቢሮ ከአረጋውያን መኖሪያው መግቢያ በስተቀኝ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በማርከር የሚጻፍበት የፈረቃ ሰሌዳ። በመስኮቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ይታያሉ፤ ፀሐይዋ ግን አልወጣችም። ኃላፊዋ ሃምሳ ያለፋት፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። እሷም ደክሟታል፤ ከዓይኗ ሥር ያስታውቃል።

ጋሽ ሬዲዮ ባዶ ገጽ ከፍቶ፣ ኪቦርዱን አውጥቶ፣ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠና ቻርጀሩን ሰካ። ሦስቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ነጥቦቹ መጡ። "ደክሞኛል" አለ ስልኩ። "ደክሞኛል አልችልም አልችልም ነገ እሺ እሺ እሺ።"

ኃላፊዋ አነበበች፣ ወረቀቱንም አነበበች። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላ የራሷ ስልክ ላይ ሰካችው፤ ኪቦርዱንም አወጣች። ጠበቁ። የሷ ስልክ ዝም። ቆየ፣ አሁንም ዝም።

"ይሄ ቻርጀር የሁላችንም ነው" አለች። "በሩ ላይ ከሚሸጠው ልጅ ነው ሠራተኛው ሁሉ የገዛው። ምክንያቱ ቻርጀር ከሆነ የኔ ለምን አይጽፍም? የሌሎቹስ?" ወደ ሴትዮዋ ዞረች። "አንድ ሰው ይሄን ስልክ እንዲህ እንዲያደርግ አዘጋጅቶታል ማለት ነው። ትናንት ዝም ብሎ ዛሬ የሚጽፈው በምን ተአምር ነው?"

"ትናንት ቻርጅ ላይ አልነበረማ ያሳየሁዎት" አለች ሴትዮዋ። "እኔ ምኑን አውቄ አዘጋጀዋለሁ? ስልክ መክፈትስ የት ተምሬ?"

"እሱን እኔ አላውቅም። ወረቀቱ የሚለውና እኔ የማየው አልተገናኘም። አዝናለሁ።" ኃላፊዋ ወረቀቱን መልሳ ወደ ጋሽ ሬዲዮ ገፋችው። ከሰሌዳው ሥር ያለውን ማጥፊያ ጨርቅ አነሳች። በሰሌዳው ላይ የሴትዮዋ ስም የተጻፈበት መስመር ሦስተኛው ነበር።

ጋሽ ሬዲዮ አንገቱ ተንቋቋ። እውነትን ግማሹን ብቻ ይዞ መጥቶ ግማሹ ሴትዮዋን ሊያስበላት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የሱ ወለምታ ደግሞ በማህተም ነው። ስልኩን ወደ ራሱ ሳበ፣ ጎማውን ፈታ፣ ሽፋኑን አንስቶ ገልብጦ ኃላፊዋ ፊት አስቀመጠ።

"ይቺን ያውቋታል?" አላት።

ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ አየች። "ወረቀቱ ላይ ያለችው ማህተም አይደለችም እንዴ?"

"ናት። እኔ ነኝ። ስክሪኑን የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ከአራት ወር በፊት፣ ለወንድሟ። ኮፒ ነው። ኮፒ መሆኑን እያወቅኩ ነው የገጠምኩት። ሽፋን የለውም፣ ቻርጀሩ የሚያመጣውን ረብሻ አይከላከልም፤ የእርስዎ ስልክ የማይጽፈው ስክሪኑ የራሱ ስለሆነ ነው። ቻርጀሩ ጥፋቱን ቀስቅሶት ይሆናል፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነው። እሷ ምንም አታውቅም። ሱቄ ስትመጣም ማን እንደገጠመው አታውቅም ነበር፤ እኔም አልነገርኳትም።"

ይህን ሲናገር ወደ ሴትዮዋ አላየም። ማየት ነበረበት፣ አልቻለም። አፍሮ ነበር፤ በዚህ ዕድሜው፣ በሥራ ልብሱ፣ በሁለት ሴቶች ፊት።

ኃላፊዋ ሽፋኑን ወደ ወረቀቱ አስጠጋችው። "የዚህ ቤት ስልኮች ሁሉ እርስዎ ጋ ነው የሚላኩት" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ወረቀቱን እንደገና ይጻፉት።"

እዚያው ጻፈው፣ "ኮፒ" የሚለውን ቃል ሳይቀር። ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ ቸኩሎ ሲመታው አንቴናዋ ተጣመመች። ኃላፊዋ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተች። ጨርቁን ግን አላስቀመጠችም፤ ሰሌዳው ፊት እንደቆመች ወደ ሴትዮዋ ዞራ "ስልኩ ነው የጻፈው፣ ይሁን" አለች። "ቃሉ ግን ያንቺ ነው አይደል?"

ሴትዮዋ መዋሸት ትችል ነበር። ከወንበሯ ሳትነሳ "የኔ ነው" አለች። "ዘጠኝ ዓመት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ድርብ ፈረቃ አለኝ። ሥራውን አልጠላሁትም፣ ደክሞኛል ብቻ።"

ኃላፊዋ ሰሌዳውን አየች። ከሦስተኛው መስመር ሁለቱን ድርብ ፈረቃ በጨርቁ ጠረገች። አንዱን ተወችው፤ የምትተካበት ሰው የላትም። "ነገ በሰዓትሽ ግቢ" አለቻት።

ግቢው በር ላይ ሁለቱ ቆሙ። ጋሽ ሬዲዮ ስድብ ጠበቀ፤ ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። ሴትዮዋ ግን ስልኳን ሽርጧ ኪስ ከተተችና "እርስዎም ደክሞዎት ነበር" አለችው። ምሕረት አላደረገችለትም፣ አልረገመችውም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እሱን ደግሞ ይህ ከስድብ ሁሉ በላይ አንገበገበው።

ትክክለኛው ስክሪን እስኪመጣ ሳምንት ፈጀ። ሁለት አውቶቡስ ይዞ፣ ተሰልፎ፣ ተነታርኮ ራሱ አመጣው። ያለ ክፍያ ገጠመላት፣ ውስጡ ፈረመበት፣ በሷው ቻርጀር ሰክቶ ሩብ ሰዓት አሳያት፤ አንድም ነጥብ አልወጣም።

"ኪቦርዱ የተማራቸውን ቃሎች ላጥፋልሽ?" አላት። "ይቻላል፣ አንድ ማዘዣ ነው።"

አሰበችበት። "ተዉት ጋሼ። እኔ በአፌ ልናገረው ያልቻልኩትን ነው የተናገረልኝ።"

ከሄደች በኋላ ጋሽ ሬዲዮ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ቀኑ ገና አላለቀም። ከእሷ ሌላ ከአረጋውያን መኖሪያው ስልክ ይዞ የመጣ ሰው በዚያ ሳምንት አልነበረም። ስልኩ ጮኸ፤ ስልኩን ለጥገና ትቶ የሄደ አንድ ደንበኛ የላከው መልእክት ነው፦ "ያስቀመጥኩት ስልክ ስክሪን ኦሪጅናል ነው?"

መሳቢያውን ከፈተ። ከአከፋፋዩ የመጡ አራት ሳጥኖች አሉ፤ የደንበኛውን አንስቶ በእጁ መዘነው። ቀላል ነው። ስልኩን ሲያነሳ ኪቦርዱ ቃሉን አስቀድሞ መሃል ላይ አቅርቦለት ነበር፤ "ኦሪጅናል"፣ ከጎኑ "አታስብ"። አንድ ጣት ይበቃ ነበር። አውራ ጣቱን ከቃሉ ላይ አነሳና ወደ ፊደሎቹ ወረደ። "ኮፒ" የሚለውን ቃል ስልኩ አያውቀውም፤ ስህተት እንደሆነ ቆጥሮ ሥሩ ቀይ መስመር አወጣ። አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል ጻፈው፣ ላከው።